ሚዛን ሥር የከረመው ደብዳቤ

የኢንተርኔት መድረኩ ላይ የውይይት ክሩ የተከፈተው ታኅሣሥ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ ነው። ከፋቹ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ያለው ሰው ነው። ስሙን አልጻፈም፣ ደብዳቤውን የትኛው የግብር ቢሮ ቅርንጫፍ እንደጻፈለትም አልተናገረም። እኔም ሁለቱን እንዲሁ እተዋቸዋለሁ። መልሶቹ 40 ደርሰዋል። ግማሾቹ ስድብና ሰላምታ ስለሆኑ ዋና ዋናዎቹን በየቁጥራቸው ልንገራችሁ። እኔም የሰው ሂሳብ እየያዝኩ ስለምኖር፣ አልፎ አልፎ ጣልቃ ብገባ አትቀየሙኝ።

ባለሱቁ እንደጻፈው፣ ደብዳቤውን የተቀበለው ሱቅ የሚያግዘው ልጅ ነው። ፈርሞ ተቀብሎ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ብሎ የስኳር ሚዛኑ ሥር አኖረው። ለባለቤቱ መንገር ረሳ። ባለሱቁ ሚዛኑን ሊያጸዳ ሲያነሳ ቡናማ ፖስታ አገኘ፤ አንድ ጥጉ ዘይት ጠጥቶ ግልጽ ሆኗል። ቆሞ ከፈተው። መጀመሪያ ያየው ሐምራዊውን ማኅተም ነው። ቀጥሎ ድምሩን አየና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ፍሬ ግብሩ 95,280 ብር፣ ከመቀጫና ከወለድ ጋር ከ150 ሺህ በላይ። ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ቢሸጥ ይህን ያህል አያወጣም ይላል።

ጥያቄው አጭር ነበር። ሄጄ በክፍያ ስምምነት በየወሩ ልክፈልና ልገላገል ወይስ ልከራከር? ብከራከርስ ምን ብዬ ነው የምጽፈው? አንድ ነገር ጨምሯል፤ የ2014ን ግብር በጊዜው አሳውቆ ከፍሏል።

1ኛው መልስ አይዞህ ነው። 2ኛው ግን እሳት ለኮሰ። ሰውየው ደብዳቤውን መልስላቸው፣ ልጁ ፈረመ እንጂ አንተ አልፈረምክም፣ እኔ ሳልቀበል ቀረሁና ሁለት ዓመት ማንም አልጠየቀኝም ብሎ መከረ። 3ኛውና 4ኛው አጨበጨቡለት።

5ኛዋ መልስ ሰጪ መጣችና ጭብጨባውን አቆመችው። ድሮ ግብር ቢሮ ኦዲት ክፍል ሠርታለች፤ አሁን በግሏ ሂሳብ ትሠራለች። ክሩን እስከ መጨረሻው የያዘችው እሷ ናት። ማስታወቂያ አልቀበልም ላለ ሰው በሩ ላይ ተለጥፎም እንደደረሰው ይቆጠራል አለች። አለመቀበል ቀኑን አያስቆምም፤ ቀኑ መቆጠሩን ሳታውቅ እንዲያልቅ ብቻ ያደርጋል። ከዚያ ባለሱቁን ሦስት ነገር ጠየቀችው። ደብዳቤው የተጻፈው መቼ ነው? ልጁ የፈረመው መቼ ነው? ከድምሩ በላይ ባለው ሰንጠረዥ ላይ የዓመት ሽያጭ ተብሎ የተጻፈው ስንት ነው? መልሱን ሳላይ ምንም አልመክርህም ብላ ወጣች።

6ኛው መልስ የግማሽ እውነት ባለቤት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው በየክሩ አይጠፋም። ለአቤቱታ 30 ቀን አለህ፣ ስለዚህ ገናን በሰላም ብላ፤ ግን ከመጻፍህ በፊት የተጠየቅከውን ገንዘብ ግማሽ ማስያዝ አለብህ፣ እሱ ከሌለህ አትድከም አለው። ባለሱቁም ወዲያው በ7ኛው መልስ 50 በመቶውን ከየት አመጣለሁ ብሎ ተስፋ ቆረጠ። ያን ሌሊት ክሩን ሳነብ ራሴ ልጽፍለት እጄን አነሳሁ።

ግን 5ኛዋ በ9ኛው ተመልሳ ነበር። ሰውየው የተናገረው ሕግ አለ፣ የሚቀጥለው ደረጃ ላይ ነው እንጂ አለችው። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት አቤቱታ ለራሱ ለግብር ቢሮው አጣሪ ክፍል የሚቀርበው ማስታወቂያው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። እዚያ ላይ የሚከፈለው የማትከራከርበት ክፍል ብቻ ነው። የማትከራከርበት ከሌለ አትከፍልም። 30 ቀኑና ግማሹን ማስያዙ የሚመጣው አጣሪው ከወሰነ በኋላ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ስትሄድ ነው። አዲስ አበባና ክልሎች የየራሳቸው አዋጅ ስላላቸው የደብዳቤህን ግርጌ አንብብ፣ ቀኑ እዚያ ይጻፋል አለችው።

ባለሱቁ አነበበ። 21 ይላል። ደብዳቤው የተጻፈው ታኅሣሥ 3 ሲሆን ልጁ የፈረመው ታኅሣሥ 9 ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ታኅሣሥ 30 ሆነ። እዚህ ላይ 11ኛውና 12ኛው ተጣሉ፤ አንዱ በዓልና እሑድ አይቆጠርም፣ ሌላው ሁሉም ይቆጠራል። 5ኛዋ ክርክሩ ውስጥ አልገባችም። ሁሉም እንደሚቆጠር አድርገህ ኑር፣ ገና ደግሞ ታኅሣሥ 28 ስለሆነ ከዓርብ 26 አታሳልፍ ብቻ አለችው። ካልደረሰልህ ደግሞ ጊዜው ሳያልፍ በጽሑፍ ምክንያትህን ገልጸህ እስከ 10 ቀን ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል። ይህን ሲሰማ ባለሱቁ ትንሽ የተነፈሰ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ አረፍተ ነገሮቹ ረዘም ማለት ጀመሩ።

የሰንጠረዡን ቁጥሮችም አመጣ። ጉዳዩ የተገለጠው ያኔ ነው። እሱ ያሳወቀው የዓመት ሽያጭ 720,000 ብር፣ የተጣራ ትርፍ 64,000 ብር ነበር። ግብሩም 9,220 ብር፤ ከፍሎታል። ቢሮው ግን በቲን ቁጥሩ ተቆርጠው እሱ ያላሳወቃቸው የግዢ ደረሰኞች አገኘሁ ይላል። ድምራቸው 260,000 ብር። በዚያ ላይ 10 በመቶ የትርፍ ህዳግ ጨምሮ ያልታወቀ ሽያጭ 286,000 ብር አለው።

13ኛው መልስ የመጣው ከአንድ ወጣት ነው። ትሕትና የለውም፣ ሂሳብ ግን ያውቃል። 95,280 ከየት እንደመጣ ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ብሎ ጀመረ። ቢሮው 286,000ውን እንዳለ በ64,000 ትርፉ ላይ ደምሮታል፤ 350,000 ሆነ። የዚህ 35 በመቶ ሲነሳ፣ 18,000 ተቀናሽ ሲወጣለት 104,500 ነው። የከፈልከው 9,220 ሲቀነስ 95,280። ማለትም ዕቃውን ገዝተሃል ብለው ከሰሱህ፣ ግን የገዛህበትን ገንዘብ ወጪ ብለው አልያዙልህም። ዕቃው በነጻ የመጣ ይመስል። ወጪው ቢያዝ የሚጨመረው ትርፍ 26,000 ብቻ ነው። ያኔ ትርፍህ 90,000፣ ግብሩ 15,720፣ ገና የምትከፍለው ደግሞ 6,500 ብር። ሂድና ይህን አሳያቸው፣ 6,500ውን ከፍለህ ና፣ ክሩም ይዘጋ አለ።

ደግሜ ሠራሁት፣ ልክ ነው። 14ኛው፣ 15ኛውና 16ኛው መልስ ምስጋና ነው። ባለሱቁም ነገ ጠዋት እሄዳለሁ አለ።

17ኛው መልስ የ5ኛዋ ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠውም እሱ ነው። ወጣቱ በርትቷል፣ ግን የላይኛውን መስመር አላየም አለች። 720,000 እና 286,000 ሲደመሩ 1,006,000 ይሆናል። ባለሱቁ በዚያ ዓመት ደረጃ ለ ግብር ከፋይ ነበር። ያኔ የደረጃ ለ ጣሪያ አንድ ሚሊዮን ነበር። ተጨማሪ እሴት ታክስ መመዝገብ የሚያስገድደውም ያው አንድ ሚሊዮን። ስለዚህ 6,500ውን ደስ ብሎት ሲከፍል፣ የፈረመው ሽያጬ ከሚሊዮን በላይ ነበር ብሎ ነው። የሚቀጥለው ፖስታ ለምን ደረጃ ሀ አልሆንክም፣ ሙሉ የሂሳብ መዝገብህ የት አለ፣ ለምን ቫት አልተመዘገብክም የሚል ሊሆን ይችላል። ስድስት ሺህ ብር ብቻውን ስድስት ሺህ ብር አይደለም አለች። ቲኦቲውም እንዳይረሳ፤ በዚያው ሽያጭ ላይ 2 በመቶ ለብቻው ይመጣል።

ወጣቱ በ18ኛው ተቆጣ፤ ሴትዮዋ ሰውን ታስፈራራለች አለ። በ20ኛው ተመልሶ ስለ ሚሊዮኑ መስመር ልክ ናት አለ። ይቅርታ አልጠየቀም። ለዚህ መድረክ ግን ይህም ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? 5ኛዋ የመለሰችው በሌላ ጥያቄ ነው። ደረሰኞቹ የአንተ ናቸው? ባለሱቁ ስለዚህ አስቦ አያውቅም ነበር። ቢሮ የጻፈው ሁሉ እውነት ይመስለዋል። እሷ እንደምትለው፣ ደብዳቤው ድምር እንጂ ዝርዝር ካልያዘ የመጀመሪያው ሥራ ክርክር አይደለም፤ በጽሑፍ ዝርዝሩን መጠየቅ ነው። የእያንዳንዱ ደረሰኝ ቀን፣ ቁጥር፣ የሻጩ ስም፣ የዕቃው ዓይነትና የብሩ መጠን። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አድርግ፣ መዝገብ ቤት የአንተ ቅጂ ላይ ማኅተምና ቁጥር ያሳርፉልህ። ይህ ጥያቄ ግን 21 ቀኑን አያቆምም።

ባለሱቁ ለሦስት ቀን ጠፋ። በዚያ መሀል ክሩ ሌላ መንገድ ሄደ። 22ኛው መልስ ሰጪ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው። ደብዳቤውን የቀን ገቢ ግምት መስሏቸው የ2009ን ክረምት አነሱ። ገማቾቹ ሱቃቸው የመጡት በበዓል ዋዜማ ነበር፤ ደንበኛው ተሰልፎ፣ እሳቸው ደግሞ እንግዳ መጣ ብለው ፈገግ ብለው። የቀን ሽያጫቸውን 1,700 ብር ብለው ጻፉባቸው። በ300 የሥራ ቀን ሲባዛ 510,000። በአንድ ቀን ገበያ ከደረጃ ሐ ወጥተው ደረጃ ለ ገቡ። እሳቸውም ቢሮ ሄደው ጮኹ። ኃላፊው አዳመጣቸው፣ እናየዋለን አለ፣ ሻይ ጋበዛቸው። ወረቀት ግን አልጻፉም። በኋላ አቤቱታዎ የታለ ሲባሉ የሚያሳዩት ሻዩን ብቻ ሆነ። ከጥያቄው ጋር ባይገናኝም፣ አባባ ያወሩትን ወድጄዋለሁ።

24ኛው ከአሜሪካ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ትንሽ መደብር አለው። ለሱም አይ አር ኤስ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ጽፎለት ነበር። ሌሎች ስለ እሱ ያሳወቁት ገቢ እሱ ካሳወቀው ጋር አልገጠመም። ከደብዳቤው ጋር በመጣው ቅጽ ላይ እስማማለሁ ወይም አልስማማም የሚል ቦታ አለ። አልስማማም ላይ ምልክት አድርጎ ማስረጃ አያይዞ በፖስታ ላከና አለቀለት። እዚያ ሁሉም በሥርዓት ነው ብሎ ሲጨርስ፣ 25ኛው እዚያ ያለህ ሰው እዚያው ቆይ አለው። ከዚያ አምስት መልስ ስለ ዲያስፖራ ነው፤ እዘለዋለሁ።

31ኛው አንድ የሚያውቀው ሰው ቢሮው ውስጥ እንዳለ፣ በ20 ሺህ ብር እንደሚጨርስ ጻፈ። የውስጥ መስመር ላክልኝ ብሎ ጨረሰ። ሽማግሌው ተነሡበት። የወጉ ለዛ ሁሉ ጠፍቶ፣ እንዳንተ ያለው ነው ሱቄን ያዘጋኝ አሉት። ወጣቱም ገባ። ሃያ ሺህ ከፍለህ ሰውየው ቢዛወር ደብዳቤው ፋይሉ ውስጥ እንዳለ ይቀራል፣ ቀኑ ግን ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ የምትከራከርበት በር የለም አለ። ከዚህ ክር ከወጣቱ የወደድኩት ይህቺን ነው።

ባለሱቁ በ33ኛው ተመለሰ። ሁለት ጊዜ ተመላልሷል። መጀመሪያ ሲሄድ ባለሙያዋ ስብሰባ ላይ ናት ተባለ። ሁለተኛው ቀን ሁለት ገጽ ታትሞ ተሰጠው። 23 ደረሰኝ ነው። ሱቁን ዘግቶ፣ ባትሪ አብርቶ፣ ከሚስቱ ጋር መስመር በመስመር አነበቡት። አራቱ የእሱ ናቸው። ዘይትና ሳሙና ነው። ሚስቱ ከጅምላ ሻጭ ያመጣችው፤ ደረሰኞቹ ቤት ካርቶን ውስጥ ቀርተዋል። ድምራቸው 41,000 ብር። የቀሩት 19 ደረሰኞች ሁሉም ከአንድ ሻጭ ናቸው። አርማታ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር። 219,000 ብር። የሱቄ ወለል ሦስት ሜትር በአራት ነው፣ ብረቱን የት ላቆመው ነው ይላል። በዚያን ሰሞን ስኳር ኮታ ይወጣል ተብሎ የንግድ ፈቃዱንና የቲን ሰርተፊኬቱን ኮፒ ለሁለት ሦስት ሰው መስጠቱ ትዝ አለው።

34ኛው ሁሉንም ካድ፣ አራቱንም አላውቃቸውም በል አለው። ባለሱቁ እንኳ አልተቀበለውም። 5ኛዋ በ35ኛው ምክንያቱን ጨመረችበት። ግምቱ ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የግብር ከፋዩ ነው። አራቱን ክደህ ከጅምላ ሻጩ ጋር ሲመሳከር የአንተ ሆነው ቢገኙ፣ ስለ 19ኙ የምትናገረውን ማን ያምንሃል? አራቱን እመን፣ የእነሱን ክፈል። በነሱ የሚጨመረው ትርፍ 4,100 ብር ነው፤ ግብሩ 1,025 ብር፣ ቲኦቲው 902 ብር። ያለ 19ኙ ሽያጭህ 765,100 ይሆናል፣ ሚሊዮኑም ሩቅ ነው።

እንግዲህ መልሱ ምን ይመስል እንደነበር ልንገራችሁ፤ ረቂቁን ለጥፎት ነበር። አንድ ገጽ ከሩብ ነው። ከላይ የደብዳቤው ቁጥርና ቀን፣ የደረሰበት ቀን። ቀጥሎ የአራቱ ደረሰኞች ቁጥር፣ እንደሚቀበላቸውና ግብራቸውን እንደሚከፍል። ቀጥሎ የ19ኙ ቁጥር፣ እንዳልገዛቸው፣ የሱቁ ፈቃድ ለሸቀጣ ሸቀጥ እንደሆነ፣ ቢሮው ከሻጩ የክፍያውን መንገድና ዕቃውን የተረከበውን ሰው እንዲያስቀርብ መጠየቁ። የባንክ ሂሳቡን የዓመት ዝርዝር አያይዟል፤ ለሻጩ የወጣ ብር የለም። መጨረሻ ላይ ግብሩ ወደ ስንት እንዲስተካከል እንደሚጠይቅ በቁጥር። ይህቺ መጨረሻዋ ብዙ ሰው የሚዘላት ናት። አቤቱታ ሲባል በደልን ማልቀስ የሚመስለው አለ። ውሳኔው የቱ ጋ እንደተሳሳተ፣ በስንት መስተካከል እንዳለበት ካልተጻፈ አቤቱታው ገና በር ላይ ሊወድቅ ይችላል።

አንድ አንቀጽ ላይ ግን አልተስማሙም፤ እስከ መጨረሻም አልተስማሙም። ወጣቱ የወጪውን ነገር አስገባ ይላል፤ 19ኙ የሱ ናቸው ቢባል እንኳ ግብር የሚታሰበው በ286,000 ላይ ሳይሆን በትርፉ ላይ ነው የሚለውን። ሽማግሌው ደግሞ፣ አልሰረቅኩም፣ ብሰርቅም ትንሽ ነው እንደማለት ይሆንብሃል አሉ። 5ኛዋ በአማራጭ ተብሎ ይጻፋል፣ ፍርድ ቤት የለመደው ነው፣ ግን በጣም ወደ መጨረሻ ይሁን፣ ቁጥሩም የተቀበልከው እንዳይመስል አለች። እኔ ብሆን አስገባዋለሁ። አጣሪው 19ኙን የሱ ናቸው ካለ ያ አንቀጽ ከሌለ 95 ሺሁ እንዳለ ይቀመጣል። ባለሱቁ ሦስት መስመር አድርጎ አስገባው።

ዓርብ ታኅሣሥ 26 አስገባ። የራሱ ቅጂ ላይ ያረፈውን ማኅተም ፎቶ አንስቶ ለጠፈው፤ የመዝገብ ቁጥሩን በአውራ ጣቱ ሸፍኖታል። ጣቱ ላይ የበርበሬ ቀለም አለ። የበዓል ገበያ ነበረ።

38ኛው መልስ በግንቦት ነው። ውሳኔ እስካሁን የለም። 5ኛዋ ቀን እንዲቆጥር ነገረችው፤ 180 ቀን ሞልቶ አጣሪው ካልወሰነ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ኮሚሽኑ መሄድ ይችላል። ያኔ ግን ግማሹን የማስያዙ ነገር ይመጣል። ስለዚህ መታገሥ ይሻለው ይሆን? በዚህ ላይ እሷም እርግጠኛ አልነበረችም።

በ39ኛው ባለሱቁ ቢሮው እንደጠራው ጻፈ። ሻጩ የደረሰኞቹን ቅጂ አምጥቷል። በሁለቱ ጀርባ ላይ ብረቱን የጫነው አይሱዙ ሰሌዳ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ሰሌዳውን አውቀዋለሁ አለ። ለስድስት ዓመት ስኳሬን ያመጣልኝ ሰው መኪና ነው አለ። ለባለሙያዋ ነግሯት እንደሆነ አልጻፈም።

40ኛው ወጣቱ ነው። ነገርካት ወይ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ የተጻፈ የለም።